የሱዳን የድሮ ቁጥር

አሶሳ ውስጥ በአንድ የጉምሩክ ሰነድ ቢሮ መረጃ መዝጋቢ ሆኜ ስሠራ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት የበርታ እናት ወደ እኔ መጡ። ከድንበሩ ተኩስ ሸሽተው ሲወጡ የያዙት የእህል ወፍጮ፣ ቀረጥ የተከፈለበት ማስረጃ የለውም ተብሎ ኬላ ላይ ተይዞባቸዋል።

«ባሌ ድሮ ከሱዳን ነው ያመጣው፤ ከፍሏል» አሉኝ።

ኮምፒውተራችን አገርን የሚያውቀው በሦስት አሃዝ ቁጥር ነው። የሱዳንን 729 አስገብቼ የባላቸውን ስም ብፈልግ የለም። ደቡብ ሱዳን ከመገንጠሏ በፊት የሱዳን ቁጥር 736 እንደነበረ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። የአገር ስም ብቻ ቢለወጥ ቁጥሩ ይቆያል፤ ግዛቱ ሲለወጥ ግን አዲስ ይሰጠዋል። በ736 የድሮውን ማኅደር ስፈልግ የሟቹ መዝገብ ወጣ። ደስ ብሎኝ ማረጋገጫውን ላትም ስል፣ አዲሱ ሲስተም «የማይታወቅ አገር» ብሎ ከለከለኝ። በገዛ እጄ 729 ብዬ ብቀይረው ሰነድ መደለዝ ይሆንብኛል።

«እማማ፣ አገሩ ለሁለት ሲከፈል ቁጥሩ ተቀይሯል። ለዋናው መሥሪያ ቤት እንጽፋለን» አልኳቸው።

«እኔ ያው ነኝ፤ የእኔን ቁጥር ማን ቀየረው?» አሉ።

የድሮው ቁጥር ሲስተሙ ውስጥ እንዲገባ እስኪፈቀድ ክረምቱ አለፈ። ወፍጮው በኬላው ግቢ ውስጥ ዝናብ ሲወርድበት ከርሞ ሞተሩ ዛገ። ማረጋገጫውን ይዤ አብሬያቸው ሄድኩ። የሞተሩን ማስነሻ እጀታ ለማዞር ሞከሩ፤ አልዞር አለ።

«ይሠራል?» ብለው ጠየቁኝ።

ማረጋገጫውን ሰጠኋቸው። ዝገቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠራርገው፣ ጋሪ ላይ አስጫኑት።