ከአምስተኛው ጥያቄ የቀነስኩት አንድ ነጥብ

ወረቀቶቹ ከሞጣ ወደ ብቸና የመጡት ፍልሰታ በገባ በሁለተኛው ቀን ነበር። ሞጣዎች ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ የሂሳብ መምህር ፈልገው የጽሑፍ ፈተና ሰጥተዋል። የራሳቸው መምህራን ቢያርሙት ዘመድ ለዘመድ ተረዳዱ እንዳይባል ከእኛ ትምህርት ቤት ሁለት አራሚ ጠየቁ። አንዷ እኔ ነበርኩ። ሌላው በዕድሜ ከእኔ በጣም የሚያንስ፣ እንደኔው ሂሳብ የሚያስተምር ባልደረባዬ ነው።

ክረምት ስለሆነ ተማሪ የለም። ቤተ መጻሕፍቱን ከፍተውልን ተቀመጥን። ወረቀቶቹ ስም የላቸውም፤ ስም ያለበት ጫፍ ታጥፎ ተሰፍቷል፣ የሚታየው ቁጥር ብቻ ነው። ከመጀመራችን በፊት ከተፈታኞቹ መካከል ዘመድ የለኝም የሚል ቅጽ ፈረምን። እውነት መስሎኝ ነው የፈረምኩት።

ልጄ በሂሳብ ከተመረቀች ሁለት ዓመት አልፏታል። ሥራ አላገኘችም። ሞጣ እህቴ ቤት ተቀምጣ የሰው ልጆች ታስጠና ነበር። መፈተኗን አልነገረችኝም፤ ብወድቅ እናቴ ታዝናለች ብላ ነው። እኔም ለማረም መጠራቴን አልነገርኳትም፤ ምስጢር ነው ተብያለሁ።

ጥያቄዎቹን ተካፈልን። ወረቀት አንስተን ከዳር እስከ ዳር አናርምም። አንድ ጥያቄ ይዘን በሁሉም ወረቀት ላይ እናርማለን፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እንሄዳለን። እንዲህ ሲሆን ፍርዱ ለሁሉም እኩል ይሆናል ይባላል። እኔም ለዓመታት ሳምንበት ኖሬያለሁ።

አምስተኛው ጥያቄ ለእኔ ደረሰ። አንድ ሲቀነስ ኮሳይን ኤክስ፣ ይህ ለኤክስ ካሬ ሲካፈል፣ ኤክስ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ሊሚቱ ስንት ነው? በአይደንቲቲ፣ ማለትም በታወቀ የሳይንና የኮሳይን እኩልነት፣ አስልተህ አሳይ ይላል። አራት ነጥብ አለው። በኤክስ ቦታ ዜሮን እንዲሁ የተካ ሰው ዜሮ ለዜሮ ይደርስና እዚያው ይቀራል። አንድ ሲቀነስ ኮሳይን ኤክስ ለኤክስ ሲካፈል ሊሚቱ ዜሮ መሆኑን በቃሉ የያዘ ደግሞ ከታች ያለው ኤክስ ካሬ መሆኑን ሳያይ ዜሮ ብሎ ይጽፋል። እንዲህ የጻፉ ብዙ ነበሩ። መልሱ ግማሽ ነው።

የተሰጠን መልስ ላይኛውንም ታችኛውንም በአንድ ሲደመር ኮሳይን ኤክስ ያባዛል። ላይኛው አንድ ሲቀነስ ኮሳይን ካሬ ይሆናል፣ ያም ሳይን ካሬ ነው። ከዚያ ሳይን ኤክስ ለኤክስ የሚለው በካሬው ይወጣና ወደ አንድ ይሄዳል፤ የቀረው አንድ ለአንድ ሲደመር ኮሳይን ኤክስ ወደ ግማሽ ይሄዳል። በሌላ ትክክለኛ መንገድ የመጣ ሙሉ ያገኛል የሚል ከሥሩ ተጽፏል።

ከመካከላቸው አንድ ወረቀት በግማሽ አንግል መጣ። አንድ ሲቀነስ ኮሳይን ኤክስን ሁለት ሳይን ካሬ የኤክስ ግማሽ ብሎ ቀየረ፣ ከታች ያለውን ኤክስ ካሬ ደግሞ አራት ጊዜ የኤክስ ግማሽ ካሬ አድርጎ ጻፈ። ሁለት ለአራት ግማሽ ነው፤ የቀረው የኤክስ ግማሽ ሳይን ለኤክስ ግማሽ ሲካፈል፣ በካሬው፣ አንድ ይሆናል። ኤክስ ወደ ዜሮ ሲሄድ የኤክስ ግማሽም ወደ ዜሮ እንደሚሄድ አልጻፈም። አላሰብኩበትም። አራቱንም ሰጠሁ።

አሥር ያህል ወረቀት ቆይቶ ሌላ መጣ። መንገዱ ያው ነው። ግን በኅዳጉ ላይ፣ በትንሽ ጽሕፈት፣ የአይደንቲቲው መምጫ አለ፦ ኮሳይን ኤክስ ማለት የኤክስ ግማሽና የኤክስ ግማሽ ድምር ኮሳይን ነው፤ ያ ኮሳይን ካሬ ሲቀነስ ሳይን ካሬ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሲቀነስ ሁለት ሳይን ካሬ ነው። ማንም አልጠየቀም። ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች ቀመር እየጠፋት ስታለቅስ፣ ቀመሩን ብትረሺ ከየት እንደመጣ አትርሺ ብያት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከየት እንደመጣ ሳታወጣ ቀመር ተጠቅማ አታውቅም። ጽሕፈቱን ደግሜ አየሁት። የእሷ ነው።

መነሳት ነበረብኝ። ይህ ወረቀት የልጄ ነው፣ ሌላ ሰው ይረመው ማለት ነበረብኝ። ፊርማዬ ግን ጠረጴዛው ላይ ነው። ጠዋት ዘመድ የለኝም ብላ ፈርማ ነበር ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ፈራሁና ደግሞ ለልጄ እንዳላደላ ፈራሁ። ሁለቱ ፍርሃቶች ተያይዘው እጄን ያዙት። መስመር በመስመር ጉድለት ፈለግሁ። አገኘሁ። የኤክስ ግማሽ ወደ ዜሮ መሄዱን እሷም አልጻፈችም። አንድ ቀንሼ ምክንያቱን በቀይ ከሥሩ ጻፍኩ።

ባልደረባዬ ነጥብ ሲደምር አየው።

«እማሆይ፣» አለኝ። ስለምጾምና ስለማስቀድስ በዚህ ስም ይቀልድብኛል። «ይቺ አንድ ለምን ተቀነሰች?»

«የኤክስ ግማሽ ወደ ዜሮ ይሄዳል አላለችም።»

«ታዲያ ወዴት ሊሄድ ኖሯል? ወደ ደጀን?»

አልሳቅሁም። «መጻፍ አለበት፤» አልኩት።

«እርስዎ ካሉ እንግዲህ። ምጽአት ቀን ከእርስዎ እጅ ያውጣኝ።»

አላለችም ማለቴን ሁለታችንም ልብ አላልነውም። የፊተኛው ወረቀት ግን ትዝ ብሎኝ ነበር። ከክምሩ ውስጥ ነበረ። ፈልጌ ወይ ከዚያም አንድ መቀነስ፣ ወይ ለዚህ መመለስ እችል ነበር። አላደረግሁትም። ወረቀቶቹ ታሽገው ወደ ሞጣ ተመለሱ።

በሳምንቱ ልጄ ብቸና መጣች። ሁለተኛ ወጥታለች። ከአንደኛው ያነሰችው በግማሽ ነጥብ ነው። ወረቀቷን እንድታይ ፈቅደውላት በስልክ አንስታዋለች። ነጠላዋን ሳታወልቅ ስልኩን ዘረጋችልኝ።

«እማዬ፣ ይቺ ቀይ ያንቺ አይደለችም?»

ዕድሜዋን ሙሉ የእኔን እርማት ስታይ ያደገች ናት።

«የእኔ ናት።»

«ካረምሽ በኋላ ነው ያወቅሽኝ?»

«ካወቅሁሽ በኋላ ነው የቀነስኩት።»

ተቀመጠች። «ሌላ ሰው ቢሆንስ ትቀንሺ ነበር?»

«ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ።»

ስልኩን አጠፋችው። ከዚያ፣ «እናቱ መምህር የሆነች ልጅ ታድሎ ይሉኛል ሞጣ፤» አለች።

ቅሬታ ማቅረቢያው ሦስት ቀን ነበር፤ ያ ቀን ሁለተኛው ነው። ነገ አብረን እንሂድ አልኳት።

«ሄጄ ምን ልበል? ያረመችኝ እናቴ ናት ልበል? ዘመድ የለኝም ብለሽ ፈርመሽ የለም እንዴ?»

«ፈርሜያለሁ።»

«ጡረታሽ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ተይው።»

ተውኩት። ነገ ይሆናል እያልኩ ሦስተኛው ቀን አለፈ። እሷ እኔን ሸፈነችኝ፤ እኔ ደግሞ ተሸፈንኩ። ከቀነስኩት ነጥብ ይልቅ ይህ ይከብደኛል።

በፍልሰታ ልቆርብ አስቤ ስለነበር ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። በቅኔ ቤት ያደጉ ሽማግሌ ናቸው። የሆነውን ነግሬያቸው፣ ሊሚት ምን እንደሆነ ላስረዳቸው ስጀምር በእጃቸው አቆሙኝ።

«ለአንዱ የተውሽውን በአንዷ ላይ ያዝሽ። ይህ ነው?»

«አዎ አባቴ።»

«ስንት ነው የያዝሽባት?»

«አንድ።»

«ትንሽ ናት ለማለት ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው እኔ ዘንድ ብቻ ምን አመጣሽ? በዳኝነት የተሠራ ነገር ነው። የተሠራበት ሂጂና ተናገሪ። ከዚያ ተመለሽ።»

በማግስቱ ሞጣ ሄድኩ። የቅጥሩን ጉዳይ የያዙት ሰውዬ በአክብሮት ተቀበሉኝ፣ ወንበር ሳቡልኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፦ የልጄ ወረቀት መሆኑን ማወቄን፣ ዝም ማለቴን፣ ለአንዱ ሰጥቼ ለአንዷ መከልከሌን።

«ስለ አንድ ነጥብ ነው ከብቸና ድረስ የመጡት?»

«በግማሽ ነው የተበለጠችው።»

«የቅሬታው ቀን አልፏል። ያኛው ልጅ ደብዳቤውን ወስዷል። እናቱን ይዞ መጥቶ ነው የተቀበለው፣ እንዴት ይነጠቃል?»

«እንዲነጠቅ አልመጣሁም። እንዲጻፍ ነው።»

እስክሪብቶአቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። «ከጻፍኩት እርስዎ ይከሰሳሉ፣ እኔም ያለ ማጣራት አራሚ ሰየምክ እባላለሁ። ደግሞስ ለልጅዎ ቢጨምሩ ነው እንጂ ነውሩ፣ ቀንሰው ማን ይወቅስዎታል? እንዲህ ያለ ጥብቅ ሰው ነው የጠፋው። ለከርሞም እርስዎን ነው የምንጠራ።»

«አትጥሩኝ፤» ብዬ ወጣሁ።

የፊተኛው ወረቀት የዚያ ልጅ ይሁን የሌላ ሰው አልጠየቅሁም። እስከ ዛሬም አላውቅም። እሱ ምንም አላጠፋም። እናቱ እንደኔ ስትጸልይለት የኖረች ትሆናለች።

ንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጡኝ፣ ቆረብኩ። ይቅር ባይ አምላክ ይመስገን። ልጄ ግን ወደ ሞጣ አልተመለሰችም። ደጀን አንድ ማደሪያ ቤት የእንግዳ መዝገብ ያዥ ሆነች። የሾፌሮችን ስምና የመኪና ታርጋ ትጽፋለች። ስደውልላት ታነሳለች። ማንሳቷን እንደ ትንሽ ነገር አላየውም፤ ሲጠራ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ስታነሳ ተመስገን እላለሁ። ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች፣ ስለ ጾሜ ትጠይቀኛለች። ስለ ሂሳብ አንነጋገርም።

በዚህ ዓመት አማኑኤል ከተማ የሂሳብ መምህር ማስታወቂያ ወጣ። ባልደረባዬ ነግሮኝ ደወልኩላት። ተፈተኝ ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም፤ ማስታወቂያ ወጥቷል ብቻ አልኳት። ከጀርባዋ ሞተር የሚያሞቅ መኪና ይሰማል።

«የሚያርመው ማነው?» አለች።

«አላውቅም። እኔ ማረም ትቻለሁ።»

«በእናትሽ ስም ማዪልኝ።»

«በእመቤቴ ስም።»

መኪናው ሄደ።

«እሺ፣ የመመዝገቢያውን ቀን ላኪልኝ፤» አለች።