ጆሮ ይታይ

እውነተኛ ስሟን የሚያስታውሱት እናቷና መታወቂያዋ ብቻ ናቸው። ለሰፈሩ እሷ «ጆሮ ይታይ» ናት። ደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ፎቶ ቤቷ ለፓስፖርትና ለመንጃ ፈቃድ የሚነሳ ሁሉ በእጇ አልፏል። ለእንዲህ ያለ ፎቶ ፊት ቀጥ፣ ጆሮም ገለጥ ማለት አለበት። እሷም የሙሽራ ፀጉር ቢሆን የዳኛ ሻሽ ሳትፈራ በሁለት ጣቷ ወደ ኋላ እየገፋች «ጆሮ ይታይ እናቴ»፣ «ጆሮ ይታይ ጋሼ» ስትል ኖራለች። ልጆች ከኋላዋ ይህንኑ እየጮኹ ይሮጣሉ። እሷ ትስቃለች። ስም ነው፣ ምን ይደረጋል።

ፊት ለእሷ ግን ሥራ ብቻ አልነበረም። ብርሃን የሚያርፍበት ሜዳ ነበር። ትልቁን መብራት በነጭ ጨርቅ ሸፍና በስተግራ፣ ትንሹን በስተቀኝ አድርጋ ስታበራ፣ የደከመው ጉንጭ እንደ ንጋት ሲነሳ፣ የተኮሳተረው ግንባር ሲፈታ ማየት አይሰለቻትም። ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ሳትጠይቅ ፊት አይታ አታውቅም።

ካነሳቻቸው ፊቶች ሁሉ የምትወደውን አሳድጋ መስኮቷ ላይ ሰቅላዋለች። የታናሽ ወንድሟን።

ወንድሟ የሕፃናት ትምህርት ቤት ሚኒባስ ሹፌር ነው። ልጆቹ «አባባ ጎማ» ይሉታል፤ ጠዋት ጠዋት መሪውን እንደ ከበሮ በጣቱ እየመታ ከራሱ የገጠመውን ስለሚዘፍንላቸው ነው።

ቀስ በል መንገዴ፣ ቀስ በል ጎማዬ፣
የሰው ልጅ ይዣለሁ፣ አለኝ አደራዬ።

ልጆቹ «አደራዬ» የምትለዋን ትንፋሽ እስኪያልቅባቸው ይጎትቷታል። በመንገዱ ያሉ ሱቆች ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት በዚያ ዜማ ነው ቢባል ብዙም ውሸት አይሆንም። ሰውዬው ከሻይ የጠነከረ ነገር ቀምሶ አያውቅም።

እና አንድ ማክሰኞ ቪዲዮው መጣ።

መጀመሪያ የወላጆች ግሩፕ ውስጥ ወደቀ፣ ከዚያ እንደ እሳት ተዛመተ። አባባ ጎማ መሪው ላይ ተቀምጧል፤ ከኋላው ባለ ቀለም የልጆች ወንበሮች ይታያሉ። ጠርሙስ አንስቶ ይጋታል፣ አፉን በእጅጌው ይጠርጋል፣ ወደ ጎን ዞር ብሎ ይስቃል። በቃ፣ ያ ነው። ቀትር ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ቁልፉን ተቀበለው። ሚኒባሱን ተጠባባቂው ሹፌር ያዘው፤ አባባ ጎማ ሲታመም ብቻ ይተካ የነበረው፣ አንድ ቀን እንኳን ባለመታመሙ ሲያጉረመርም የኖረው ሰው።

ወንድሟ ወደ ፎቶ ቤቱ መጥቶ ደንበኞች የሚቀመጡባት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። አላለቀሰም። 

«እታለም» አላት፤ «እኔ ራሴ ሳየው፣ ጠጥቼ ይሆን እንዴ ብዬ አሰብኩ።»

ንዴት የገባባት ያን ጊዜ ነው። ስም ማጥፋቱ አንድ ነገር ነው። አንድን ሰው ከገዛ ፊቱ ጋር ማጣላት፣ በራሱ ላይ ምስክር ማድረግ ግን ምን ይባላል። ደሟ ፈላ።

በዚያው ንዴት ስልኳን ይዛ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ወደሆነው ባለ መድኃኒት ቤት ሮጠች። ስህተቷም እዚያ ላይ ነበር። በጣም ደካማውን ምልክት አስቀደመች። የአገጩን ዳር እያሳየች «ይመልከቱት፣ ጠርዙ ደብዝዟል፣ የተለጠፈ ፊት ነው» አለች። ሰብሳቢው መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ አየና፣ ከስልክ ስልክ የተላለፈ ቪዲዮ ሁሉ እንደሚደበዝዝ፣ የእሱ የልጁ የልደት ቪዲዮም እንደዚያው እንደሆነ ነገራት። ከዚያ ለስለስ ብሎ፣ የሳል ሽሮፕ እየጠቀለለ፦ «እህት ስለሆንሽ ነው። ይገባኛል።»

ይህች «ይገባኛል» ከስድብ በላይ አቃጠለቻት። የበለጠ ያቃጠላት ግን ስለ ጠርዙ ያለው ትክክል መሆኑ ነበር።

ስለዚህ ሱቋን ዘግታ እንደ ሥራዋ ልትሠራው ተቀመጠች። ቪዲዮው መጀመሪያ የደረሳትን አንዲት እናት ለምና፣ ከስልክ ስልክ በመላላክ ያልተጨማደደውን ቅጂ አገኘች። በትልቁ ስክሪኗ ላይ ከፍታ አንድ በአንድ ምስሉን እያቆመች አየችው። ፊቱን አላየችም፤ የሚያታልለው ፊቱ ነውና። ብርሃኑን አየች። ጠርዙን አየች። ከዚያ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ከሰው ፀጉር ሥር ስትፈልገው የኖረችውን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ቅዳሜ ወላጆች ተሰበሰቡ። ቦታው የሕፃናት ክፍል ስለነበር ትልልቅ ሰዎች ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ በትንንሽ ወንበሮች ላይ ተኮራምተዋል። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ትሞት ነበር። ተጠባባቂው ሹፌር በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ቁልፉ ቀበቶው ላይ ተንጠልጥሏል። ወንድሟ ወደ ጎን፣ የልጆች ሥዕል ሥር፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። አንድ ሰው እንኳን ሰላም አላለውም። ልጆቻቸውን ከደጃቸው ሲያነሳ፣ ደጃቸው ሲመልስ የኖረውን ሰው።

ቪዲዮውን በክፍሉ ቴሌቪዥን ላይ ከፍታ አቆመችው። 

መጀመሪያ ፀሐይዋን አሳየቻቸው። ፀሐይ በሹፌሩ መስኮት በኩል እየገባች አንገቱንና ትከሻውን በአንድ ወገን አቃጥላዋለች፤ በሌላው ወገን አንገቱ ጥላ ነው። ፊቱ ላይ ግን ሁለቱም ጉንጮች እኩል በርተዋል፣ አፍንጫው ጥላ የለውም። «ከአገጩ በላይና ከአገጩ በታች ሁለት ፀሐይ አለ?» አለች። ያን ለስላሳ ብርሃን ታውቀዋለች። የራሷ መብራት ነው። ፊቱ የተወሰደው ከመስኮቷ ላይ ካለው ፎቶ ነበር፤ ከምትወደው። 

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ድብዘዛው ያለውን ደገመ። እየጠበቀችው ነበር።

«ልክ ነዎት ጋሼ። ስልክ ሲያደበዝዝ ግን ሁሉንም ነው የሚያደበዝዘው» አለችው። «የሸሚዙን ስፌት ይዩት፣ ይቆጠራል። የቀበቶውን ዘለበት ይዩት። እነዚህ ጥርት ብለው አገጩ ብቻ ለምን እንደ ቅቤ ይቀልጣል?»

ከዚያ ቪዲዮውን በዝግታ አስኬደችው። ጠርሙሱ ወደ አፉ ሲጠጋ የከንፈሩ ዳር በጠርሙሱ አንገት ላይ ተቀባ፣ ጠፋ፣ ተመለሰ። ወደ ጎን ዞር ሲል ፊቱ እንደላላ ጭምብል ትንሽ ዘግይቶ ተከተለው። አንዲት ሴት ከኋላ «ውይ» አለች። ያ በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ ማንም ያላየው ነበር።

ከነዚህ አንዱ ብቻውን ብዙ እንደማይናገር፣ መጥፎ መብራትም መጥፎ ስልክም እንደሚያሳስት፣ ከዚህ ሠሪ የበለጠ ጎበዝ ሰው ቢሠራው ደግሞ አንዱም ላይታይ እንደሚችል አልደበቀችም። ሁሉም በአንድ ላይ ሲመጡ ግን ቢያንስ መጠየቅ ነበረባቸው። ማንም አልጠየቀም።

«አሁን ጆሮውን» አለች።

ክፍሉ ውስጥ ሳቅ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ይህን የሠራው ሰው የለወጠው ከግንባር እስከ አገጭ ነው፤ ጆሮውንና ፀጉሩን የነበሩበት ትቷቸዋል። ስክሪኑ ላይ ያለው ጆሮ ጫፉ ረዘም ብሎ የተንጠለጠለ፣ መሃሉ ላይ እጥፋት ያለው ነው። ወንድሟን እጁን ይዛ ወደ ፊት አመጣችው። ከዚያ ሻሿን ፈታችው። ይህች ሴት በሰው ፊት ሻሿን ስትፈታ ያየ አልነበረም። የሸበተ ፀጉሯን በሁለት ጣቷ ወደ ኋላ ገፋች፣ የሱንም ገለጠች። ሁለት ጆሮ፣ አንድ ቅርፅ፤ ጫፋቸው ሳይንጠለጠል ከጉንጭ ጋር የተሰፋ የሚመስል።

«ይሄ የአባታችን ጆሮ ነው። ከሱ የወረስነው ይሄንን ነው። ፊቱን ሰረቃችሁት፣ እሺ። ጆሮውን ግን ከየት አመጣችሁት?»

 አንዱ አባት፣ ታዲያ ያ ጆሮ የማን ነው ብሎ ጠየቀ።

ታውቅ ነበር። ማወቅ የሚለው ቃል ካልከበደ፣ ከመንጃ ፈቃድ ፎቶዎቿ መሃል አግኝታዋለች፤ ያንኑ እጥፋት። አትማ ልታመጣውም ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች፣ መልሳም አውጥታዋለች። የሚመሳሰል ጆሮ ያለው ሰው አይጠፋም፤ ሰውን በምስል ብቻ መስቀል ምን እንደሚመስል ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ አይታዋለች።

«አልናገርም» አለች። «እንደናንተ መሆን አልፈልግም። ባለቤቱ ግን ጆሮውን ያውቀዋል።»

ያን ጊዜ የሰው እጅ ሳያስበው ወደ ጆሮው ሄደ። እናቶች ሻሻቸውን ገለጡ፣ አባቶች ጫፉን ዳሰሱ፣ እርስ በርስ ተያዩ። በሩ አጠገብ ያለው ሰው ብቻ ኮፍያውን ወደ ታች ሳበ። አንድ ሰው አየው፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ወንበሮቹ ሁሉ ተንቋቁ። ተጠባባቂው ሹፌር ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ወጣ። ስልክ አልጮኸም። ሰብሳቢው ተከትሎት ወጥቶ ሲመለስ ቁልፉን ይዞ ነበር፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ምን እንደተባባሉ አልተናገረም። ቁልፉን ለአባባ ጎማ ሰጠውና «እንግዲህ ተጣራ፣ ተመስገን» አለ።

ይቅርታ የሚል ቃል ከዚያ ክፍል አልወጣም። እሷ ሻሿን እያሰረች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ቪዲዮውን ወደላኩበት ሁሉ ውሸት መሆኑን ይላኩ። እሺ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስልኮቻቸውን አዩ። ኪሳቸው ከተቱ። የላከችው ያልተጨማደደውን ቅጂ የሰጠቻት እናት ብቻ ነበረች።

ሰኞ ሚኒባሱ በሰዓቱ አለፈ። ዜማ አልነበረውም። ልጆቹ «አደራዬ»ን ጀምረውለት፣ እሱ ሳይቀበላቸው በራሳቸው ጨረሱት።

እሷም የወንድሟን ፎቶ ከመስኮቱ አውርዳ በምትኩ ሁለት ጆሮ ጎን ለጎን ሰቀለች፤ አንዱ ከጉንጭ የተሰፋ፣ ሌላው የተንጠለጠለ። ምንም አልጻፈችበትም። የሚያልፍ ሰው ይቆማል፣ ያያል፣ የራሱን ይነካል፣ ይሄዳል።

ወር ሳይሞላ ሰብሳቢው ለፓስፖርት ፎቶ መጣ። በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ። መብራቶቹን አበራች፣ ትልቁን በስተግራ። የጎን ፀጉሩን ከሚያስፈልገው በላይ ጠንከር አድርጋ ወደ ኋላ ገፋችው።

«ጆሮ ይታይ ጋሼ» አለችው። «ላኩት?»

ምኑን ብሎ አልጠየቃትም። ሥራ በዝቶበት እንደነበር ጀመረ።

ትልቁን መብራት አጠፋችው። ትንሹንም አጠፋች።

«ሲልኩት ይነሳሉ። አልቸኩልም» አለችና የካሜራዋን ክዳን ገጠመች።

በጨለማው ውስጥ ትንሽ ተቀመጠ። ከዚያ ስልኩን አወጣ። የስልኩ ብርሃን ከአገጩ ሥር ወደ ላይ ወጣ፤ ከሥር የሚመጣ ብርሃን ማንንም አያሳምርም። እሷ እጆቿን አጣምራ ቆማ፣ ጣቱ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ሲጫን ታየው ነበር።