ዶላር በማን ላይ ወደቀ?

ሸዋዬ ወርቅ ቤት አላት ብላችሁ መስታወትና መብራት የሞላው ሰፊ ሱቅ እንዳታስቡ። ከደምበል ጀርባ ያለ ሕንጻ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ለሁለት ተካፍለን ነው የምንሠራው። በበሩ በኩል ያለው ግማሽ የእኔ የሰዓት ጥገና ነው፤ የውስጡ ግማሽ የእሷ። ሁለታችንም ካዛንቺስ የነበረው ሱቃችን ሲፈርስ እዚህ ተሰበሰብን። ሰዓት የሚያሠራ ሰው እየቀነሰ ነው፤ ስልክ የሚባል ነገር እንጀራዬን ዘግቶታል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የማየው የእሷን ደንበኛ ነው፣ የምሰማውም የእሷን ክርክር።

ሸዋዬ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቁጡ ሴት ናት። አባቷ እዚያው ካዛንቺስ ወርቅ ሠሪ ነበሩ፤ እሷ ግን መጀመሪያ ባንክ ገብታ ዐሥር ዓመት ያህል የውጭ ምንዛሪ ክፍል ሠርታለች። አባቷ ዓይናቸው ሲደክም ሥራዋን ለቃ ሱቁን ተረከበች። ጠዋት ስትገባ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ስልኳን ታወጣለች፤ መጀመሪያ ወርቅ በዓለም ገበያ በዶላር ስንት እንዳደረ ታያለች፣ ቀጥሎ አንድ ዶላር በብር ስንት እንደሆነ። ሁለቱን አባዝታ፣ የካራቱን ቀንሳ፣ የእጅ ዋጋዋን ጨምራ ካልጨረሰች ደንበኛው እግዜርም ቢሆን ዋጋ አትነግረውም።

አንድ ደንብ አላት፤ የአባቷም ደንብ ነበር። ቀብድ ከተያዘ ዋጋው ተቆረጠ ማለት ነው። ወርቁ ቢወጣም ቢወርድም ቃል አይታጠፍም። ሌሎቹ ነጋዴዎች «ገበያው ተለውጧል» እያሉ ሙሽራ ሲያስለቅሱ እሷ ከኪሷ ጨምራ የሰጠችበት ጊዜ አለ። እኔ በበኩሌ ይሄ ጉራ ነው እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ሰዓትህን ጠግን ትለኛለች።

ባለፈው ጥር የሆነውን ልንገራችሁ።

የወሎ ሰፈሩ አቶ ዋቅጅራ ልጃቸውን ሊድሩ ነበር፤ ሙሉ የሙሽራ ወርቅ አዝዘው፣ ቀብድ ከፍለው፣ ዋጋ ተቆርጦላቸው ሄደዋል። ሸዋዬ ደግሞ በቂ ወርቅ አልነበራትም። የጥር ሠርግ ሲደራረብ የሚሸጥ ወርቅ ከገበያው እንደ ስኳር ይጠፋል። ያገኘችው ሻጭ ሁሉ የሚጠይቃት ዋጋ የእሷን ትርፍ ጠራርጎ የሚወስድ ነበር። ሰሞኑን ፊቷ ከብዶ ነበር የከረመው።

እንዲህ ባለ ቀን ነው እትዬ አሰፋሽ የገቡት።

እትዬ አሰፋሽ የካዛንቺስ ጎረቤቷ ነበሩ፤ ከመዝገብ ቤት ሥራ በጡረታ የወጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ የሌላቸው። ሰፈሩ ሲፈርስ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል፤ ነገር ግን የውስጥ በርም ወለልም የሌለው ባዶ ግድግዳ ነው። ከነጠላቸው ሥር የታሰረ መሐረብ አውጥተው እባንኮኒው ላይ ፈቱት። አንድ ሐብልና ሁለት ወፋፍራም አምባር። ባላቸው ያሠሩላቸው ነው፤ ከጡረታቸው ሌላ በዚህ ዓለም ላይ ያላቸው ይኸው ነበር።

«ሁሉንም ግዢኝ» አሉ።

ሸዋዬ ወርቁን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። የአቶ ዋቅጅራ ትእዛዝ በሙሉ እዚያ መሐረብ ላይ ተዘርግቷል። በዚያን ቀን ዋጋ ብትገዛው ከጭንቀቷ ትገላገላለች። እኔ በልቤ ተመስገን አልኩ።

«ለበርና ለወለሉ አንዱ አምባር ይበቃዎት የለም እንዴ?» አለች።

«ይበቃኝ ነበር። ግን ሳይረክስ ሁሉንም ልሽጠው። የእህቴ ልጅ ቅድስት በስልኳ አሳይታኛለች፤ ዶላር ወድቋል። ዶላር ሲወጣ ወርቅ እንደወጣ አላየንም? በቃ፣ አሁን ደግሞ ይወርዳል ማለት ነው።»

እውነቱን ለመናገር ነገራቸው ለእኔም ልክ መስሎኝ ነበር። የኛ ሰው ሌላ ምን ያውቃል? ብር በዶላር ላይ የወደቀ ሰሞን የወርቅ ዋጋ እንዴት እንደዘለለ ከተማው ሁሉ ያስታውሳል።

ሸዋዬ ወንበር ሳበችላቸው። «እትዬ፣ ዶላር የወደቀው በማን ላይ ነው?»

«እንዴት በማን ላይ?»

«ገንዘብ ብቻውን አይወድቅም። ወደቀ ሲባል ከሌላ ገንዘብ ጋር ተመዝኖ ነው። ቅድስት ያሳየችዎት ዶላር በዩሮና በሌሎች ትላልቅ ገንዘቦች ላይ ነው የወደቀው። በእኛ ብር ላይ አልወደቀም። ባንክ ሄደው ቢጠይቁ ያው ነው፣ እንዲያውም ጥቂት ጨምሯል።»

«እሺ፣ ይሁን። ታዲያ ወርቁ ምን አገባው?»

«ወርቅ በዓለም ገበያ ዋጋው የሚጠራው በዶላር ነው። እስቲ ጀርመን አገር እንደ እርስዎ ያለች አንዲት ሴትዮ አለች እንበል። ዩሮ ነው ያላት። ዶላር ሲደክም በዚያው ዩሮዋ ከትናንቱ የበለጠ ዶላር ታገኛለች። የወርቁ የዶላር ዋጋ ገና አልተለወጠም። ስለዚህ ለእሷ ምን ሆነላት?»

«ረከሰላት።»

«ሲረክስላት ትገዛለች። እንግሊዙም ይገዛል፣ ስዊሱም ይገዛል። ዶላር የያዘው ደግሞ ገንዘቤ እየቀለለ ነው ብሎ ወደ ወርቅ ይሮጣል። ገዢ ሲበዛ ሻጩ ምን ያደርጋል?»

«ምን ያደርጋል፣ ይቆልላል እንጂ!» አሉ፤ የሾላ ገበያ ሰው ናቸውና ይሄን ማንም አያስተምራቸውም።

«አዎ። የዶላር ዋጋው ይወጣል። ጀርመኗ በዩሮዋ ስታየው ጭማሪው ያን ያህል አይከብዳትም፤ ዩሮዋ ጠንክሮ የተወሰነውን ያካክስላታል። የእኛ ብር ግን አልጠነከረም። ጭማሪውን እንዳለ እንቀበላለን። ስለዚህ ዶላር በእነሱ ላይ ሲወድቅ ወርቅ እዚህ ብዙ ጊዜ ይወደዳል። ብዙ ጊዜ ነው ያልኩት፣ ሁልጊዜ አላልኩም። አንድ አምባር ይሽጡልኝ፤ የቀረውን ይያዙት።»

 እትዬ አሰፋሽ መሐረቡን መሰብሰብ ጀመሩ።

«ገባኝ» አሉ። «አንቺ ነጋዴ ነሽ። ነጋዴ የቀረበለትን ወርቅ አልገዛም ካለ እንደሚረክስ አውቋል ማለት ነው። ያንን በጀርመን ሴትዮ ሸፋፈንሽው። ጎረቤት ነሽ ብዬ መጣሁ፤ ሌላ ወርቅ ቤት አላጣም።»

ሸዋዬ ደሟ ፈላ። እኔ ስቄ ልሞት ነበር፤ ሴትየዋ የተናገሩት ግን ውሃ የሚያነሳ ነገር ነው። ወርቅ ገዢ «አትሽጡልኝ» ሲል ማን ያምነዋል?

«ይቀመጡ!» አለች ሸዋዬ። መሳቢያዋን ከፍታ የበርና የወለል ማሠሪያ የሚሆን ብር አወጣችና እባንኮኒው ላይ አኖረች። «ይሄ ቀብድ ነው። እኔ ነኝ ቀብድ የምከፍለው። ወርቁን ወደ ቤትዎ ይውሰዱት። እስከ ሁዳዴ መግቢያ በፈለጉት ቀን ይምጡ፤ ቢወርድ በዛሬው ዋጋ ሁሉንም እገዛዎታለሁ። ቢወጣ የዕለቱን ዋጋ ያገኛሉ። ተከስተ ምስክር ነው።»

«እኔን ከዚህ አውጪኝ» አልኩ።

«ምስክር ነህ!»

እትዬ አሰፋሽ ብሩን ሁለቴ ቆጥረው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ተነሥተው ሲሄዱ ምርቃት እንኳ አልተነፈሱም።

ሸዋዬ ለአቶ ዋቅጅራ ሠርግ የሚሆነውን ወርቅ በውድ ገዛች፤ ያለ ትርፍ ሠርታ አስረከበች። ሠርጉ አማረ ተባለ። እሷ ጠዋት ጠዋት ስልኳን ስትከፍት እኔም አንገቴን ማስገግ ለመድኩ። ወርቅ መጀመሪያ ትንሽ ወጣ። የካቲት ሲገባ ግን ጉድ መጣ። ዶላር ለጥቂት ቀን አንሰራራ፣ ወርቅ በተራው ቁልቁል ወረደ፤ ቃል ከገባችበት ዕለት ዋጋም በታች ሆነ።

«ያው የነገርኳችሁ ነው፤ ተገላቢጦሹን ሠራ» አለች። ድምጿ ግን የወትሮው አልነበረም። አወራረዱ ከቀጠለ የሁለት ሦስት ወር ኪራይዋን ይዞባት የሚሄድ ነገር ነው። ፈራሁላት፤ ከልቤ ነው የፈራሁላት።

በማግስቱ እትዬ አሰፋሽ ከተፍ አሉ። መሐረቡ በእጃቸው ነው።

«ወርዷል አሉ።»

«አዎ፣ ወርዷል» አለች ሸዋዬ።

«እንግዲያ በቃልሽ ግዢኝ።»

 ሸዋዬ ሚዛኑን አወጣች፣ ሐብሉንና አምባሮቹን መዘነች፣ ቀብድ በከፈለችበት ዕለት ዋጋ አባዛች፣ ቀብዱን ቀነሰች። ስልኳን አነሣችና «የባንክ ሂሳብ ቁጥርዎን ይንገሩኝ» አለች።

እኔ አላስቻለኝም፤ «ኧረ እትዬ፣ ጥቂት ቀን ቢታገሡ…» ብዬ ጀመርኩ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለች ሸዋዬ። ቁጥሩን ሲነግሯት ጻፈች። የምትልከውን ገንዘብም ጻፈች። ማሳያውን አዙራ እንዲያዩት አደረገችና ጣቷን ለመላክ አነሣች። ፊቷ ላይ ቅሬታ አላየሁም።

እትዬ አሰፋሽ ግን ስልኩን አላዩም። የሚያዩት እሷን ነበር።

«ቆይ» አሉ።

«ምነው? ቁጥሩ ተሳስቷል?»

«አልተሳሳተም። አንድ ነገር ንገሪኝ፤ እውነቱን። ይወጣል ብለሽ ታምኛለሽ?»

«አምናለሁ። ነገ ነው አልልም፤ ግን አምናለሁ። ባላምን ያን ዕለት ምን ጥልቅ አደረገኝ? ዝም ብዬ ሁሉንም አልገዛዎትም ነበር?»

 አሮጊቷ እጃቸውን ሰደው ሐብሉን ከሚዛኑ ላይ ላፍ አደረጉት።

«እንዲህ ሳይቆጭሽ የምትከፍይ ከሆነማ ለምን እሸጥልሻለሁ? ሞኝ አደረግሽኝ እንዴ!» አንዱን አምባር ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። «ይሄ ስለ ቀብዱ ነው፤ በሩም ወለሉም ተሠርቶበታል። የቀረውን አልሸጥም።»

ሌላኛውን አምባር እጃቸው ላይ አጠለቁ። ሐብሉን ሊያስሩ ሞክረው ጣታቸው አልታዘዝ አላቸው። ሸዋዬ ከባንኮኒው ወጥታ ከኋላቸው ቆመችና አሰረችላቸው። እትዬ አሰፋሽ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የባላቸውን ስም አንድ ጊዜ ጠሩ። ሸዋዬም አፍንጫዋን ወደ ላይ ስትስብ ሰምቻለሁ፤ በኋላ ግን ጉንፋን ነው ብላ ካደች።

ፋሲካ ሳይደርስ ዶላር እንደገና ደከመ፣ ወርቅም ከጥር ወሩ ዋጋ በላይ ወጣ። እትዬ አሰፋሽ አሁን በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ ሐብሉን ከነጠላቸው በላይ አድርገው። ወርቅ ሊሸጡ የመጡ ሴቶች ካገኙ ከጎናቸው ይቀመጡና «ዶላር የወደቀው በማን ላይ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ቀጥለውም እንዲህ ይላሉ፦ «እኔስ ያኔ አልሸጥም ብያት፣ ይቺ ልጅ ካልገዛሁ ብላ ስልኳን አውጥታ ስትታገለኝ!»

ሸዋዬ ይሄን ስትሰማ ሚዛኗን ትወለውላለች። አንድም ቀን «አይደለም» ብላ አርማቸው አታውቅም።