መላክ ክልክል ነው

ጡረታ ስወጣ ጽሑፍ ስመታ ከኖርኩበት ፍርድ ቤት ይዤ የመጣሁት ሁለት ነገር ነው፤ የወገብ ሕመምና በርካሽ የሸጡልኝን አሮጌ የአማርኛ ታይፕ። ባለቤቴ በረሃቡ ማግሥት በተስቦ ሞታብኛለች። ልጆች አልነበሩንም። ከተማችን መካነ ሰላም ደግሞ ዶፉ ከጀመረ ሰው ቤቱ ይከተታል፤ አንዳንድ ቀን የራሴን ድምፅ የምሰማው ዶሮ ሳባርር ብቻ ነበር።

ከቤቴ ፊት ለፊት፣ በእህል መጋዘኑ ግድግዳ ሥር፣ አሥራ ሁለተኛ ጨርሰው ማትሪክ ያልመጣላቸው ልጆች ፀሐይ ሲሞቁ ይውላሉ። እርሻ እንዳይገቡ ተምረዋል፣ ቢሮ እንዳይገቡ ወድቀዋል። እነሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ ተቀምጠን ስንተያይ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ።

ለቀበሌው ስብሰባ አቀረብኩት። ጡረታ የወጣ ባለሙያ ሁሉ ምን ማስተማር እንደሚወድ ለብቻው ይጠየቅ፤ ልጆቹም ምን መማር እንደሚፈልጉ ሽማግሌዎቹ በሌሉበት ይጠየቁ፤ ከዚያ በፍላጎት እናጣምር። በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት፣ ከገበያ ቀን ውጭ፣ በሽማግሌው ቤት ይገናኙ። የመጀመሪያው ወር ሙከራ ይሁን፤ ያልተስማማው ምክንያት ሳይናገር ይቀየር። ከሙያው ሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ መጫወትም የፕሮግራሙ ክፍል ነው አልኩ። ይቺን ለማን ብዬ እንዳስገባኋት አልተናገርኩም።

ሊቀመንበሩ ግንባሩን ቋጠረ። ጊዜው አብዮት ነው፤ ወጣትና ታይፕ አንድ ቤት ሲገቡ ደስ አይልም። «በር ተከፍቶ፣ በቀን ብቻ» ብሎ ፈቀደ።

አንድ ደንብ ግን እኔው ራሴ ጨመርኩ፤ ልጁን መላክ ክልክል ነው። አገራችንን አውቃታለሁ። ልጅ አዋቂ ፊት መቀመጫው ሳይሞቅ «ተነስ፣ ውሃ ቅዳ፣ እንጨት ፍለጥ» ይባላል። ሙያ መማሩ ቀርቶ አሽከር እንዳይሆን ፈራሁ። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፤ እኔ ግን ድርቅ አልኩ።

የድሮው ድሬሰር ቁስል ማጠብ የሚፈልገውን ልጅ ወሰደ፤ ቀያሹም የራሱን አገኘ። ለኔ የደረሰኝ የልብስ ሰፊ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ፣ ጣቶቹ ረጃጅም። መጀመሪያ ጋዜጣ አስገለበጥኩት። ቀጥሎ እጁን በነጠላ ሸፈንኩበት፤ ፊደሉን መትቶ ቅጥሉን፣ ካዕብ ሣልስ የሚያደርገውን ምልክት፣ ለብቻው መጨመርን ዓይን ሳይሆን ጣት ነው መልመድ ያለበት። ከዚያ ካርቦን ገብቶ፣ ስህተት ሲኖር ሦስቱንም ቅጂ ማረም።

በመጀመሪያው ሳምንት ሥራውን ሲጨርስ የውሃ ጀሪካኔን ባዶ አየና ብድግ አደረገው።

«ልሂድ ጋሼ፣ ምንጩ ቅርብ ነው።»

«አስቀምጥ!» አልኩት። «ደንቡን ረሳኸው?»

አስቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ሰዓቱ ሲሞላ ታይፑን ሸፍኖ፣ እጅ ነስቶ ውልቅ ነው። ተጫወት ስለው ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ «እሺ ጋሼ» ይላል። ሲወጣ ቤቱ እሱ ከመምጣቱ በፊት ከነበረው የባሰ ጭር ይላል። የሰለቸሁት መስሎኝ አኮረፍኩ።

ክረምቱ ሲያልፍ አቀስታ ከተማ ያለው የእርሻ ቢሮ ታይፒስት ፈለገ። ልጁ ተፈተነና አለፈ። ሊቀመንበሩ በደስታ ስብሰባ ጠራ፣ የተጣመሩት ሁሉ ስለ ሥራቸው እንዲናገሩ። ጉዱ የወጣው እዚያ ነው። ድሬሰሩ የወሰደው ልጅ ወፍጮ ቤት እየተላከ፣ ዝናብ ሲይዘው እዚያው እያደረ ከርሟል። ቀያሹ ልጁን በጎቹን አሳግዶታል። ከኔ በቀር ደንቡን ያላፈረሰ አልነበረም። ሊቀመንበሩ ተቆጣና የኔን ልጅ አስነሳው።

«አንተስ?»

«ወላሂ፣ እኔን ጋሼ አንድ ቀን አልላኩኝም» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ሙያቸውን አልሰሰቱብኝም፣ አላህ ይስጣቸው። ግን እዚያ ቤት እንግዳ ነበርኩ። እነዚህ ልጆች አባት አገኙ፣ እኔ አስተማሪ።»

ሊቀመንበሩ ደንቡን አከበርክ ብሎ አጨበጨበልኝ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጋቢዬን አስተካከልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ሊሰናበተኝ እንደሚመጣ አውቄያለሁ። ከበሩ ማዶ ድምፁን ስሰማ ጀሪካኑ ሙሉ ነበር። ቶሎ ብዬ ወደ ጓሮ ወሰድኩትና ጎመኑ ሥር ገለበጥኩት።

ልጁ ገባ፤ አዲስ ኮት ለብሷል። የሚወስደው መኪና ገበያው ዳር ሞተር አስነስቶ ይጠብቃል።

«ጋሼ፣ ልሄድ ነው።»

«ውሃ አልቆብኛል» አልኩት። «ሂድ ቅዳልኝ።»

ጓሮውን በክፍቱ በር አየ፤ ጎመኑ ሥር መሬቱ ረጥቧል። ኮቱን አውልቆ አልጋዬ ላይ ወረወረው፣ ጫማውንም አወለቀና ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ሮጠ። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ። እኔ ኮቱን አነሳሁና እስኪመለስ ድረስ ታቅፌው ቆምኩ።