ከግድግዳው ውስጥ ወይስ ከግድግዳው ፊት

«እትዬ ልኬት» እናት አባት ያወጡላቸው ስም አይደለም። አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፉ፣ ደንበኛው የቱንም ያህል ቢቸኩል ሁለት ጊዜ ሳይለኩ መቀስ ስለማያነሱ የወጣላቸው ነው። ቶሎ በሉልኝ የሚላቸውን ሁሉ «እኔ መቸኮል አያቅተኝም፤ ሱሪህ ግን ያጥርሃል» ይሉታል።

ባለፈው ዓመት ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከሆስፒታል ሲወጡ ልጃቸው ከሚስቱ ጋር ወደሚኖርባት ጠባብ አፓርታማ ወሰዳቸው። ባለ አራት እግር መደገፊያ ይዘው መራመዱን ቶሎ ለመዱት። ያሸነፋቸው የመታጠቢያ ቤቱ በር ነው። በሩ የሚከፈተው ወደ ኮሪደሩ ሲሆን፣ የኮሪደሩ ስፋት ዘጠና አምስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። እጀታውን ሲስቡት በሩ መጥቶ መደገፊያውን ይገፋዋል፤ ወደ ኋላ መራመድ ደግሞ ያስፈራቸዋል። ስለዚህ ሰው መጥራት ግድ ሆነ። በዚህ ዕድሜያቸው «ልጄ፣ ና ክፈትልኝ» ማለት ሞት ሆነባቸው። ሽንት ቤት እንዳያሰኛቸው ከሰዓት በኋላ ውሃ መጠጣት ተዉ። ምራታቸው ነገሩ ገባትና ለባሏ ነገረችው፤ እሱም በማግስቱ አናጢ ጠራ።

አናጢዋ ጆሮዋ ላይ እርሳስ የሰካች፣ ቀልጠፍ ያለች ሴት ናት። ልጅዬው ሐሳቡን ጨርሶ ነበር የጠበቃት።

«ግድግዳው ውስጥ ገብቶ የሚደበቅ በር ነው የምፈልገው። ሲከፈት አይታይም፣ ቦታም አይወስድም።»

«ቢሆንማ እኔም እሱን ነበር የምመርጥልህ» አለች። «ግን በሩ የሚገባበት የግድግዳው ሆድ ባዶ መሆን አለበት። እስቲ ልየው።»

ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳች፣ ጆሮዋን አስጠጋች፣ ከዚያ ልስኑን በመሮ ጥቂት ፈልፍላ በባትሪ አየች።

«ይኸው ጉድህ! ከላይ ላሉት ቤቶች ሁሉ ውሃ የሚወጣበት ቧንቧ በዚህ ነው የሚያልፈው። እኔ አልነካውም፤ አንተም አታስነካው።»

«በወዲያኛው በኩልስ?»

«እሱ የሕንፃው ምሰሶ ነው።»

«ከፊቱ ሌላ ቀጭን ግድግዳ ብናቆምና በሩ በመሃል ቢገባስ?»

«ከኮሪደሩ አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይበላብሃል። ይልቅ ከበሩ በላይ የብረት ሐዲድ እንስቀልና በሩ በግድግዳው ፊት ይንሸራተት።»

ልጅዬው ፊቱን አጨማደደ። «ለእናቴ የበረት በር ልሠራላት? ኮሪደሩን ያጠባል፣ በዳርና ዳሩም ክፍተት አለው!»

ሁለቱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲከራከሩ እትዬ ልኬት ከወንበራቸው ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ እኮ እዚሁ ነኝ። ለባሹን ሳትለኩ ነው እንዴ የምትቆርጡት? ለመሆኑ ያ የሐዲዱ በር ስንት ይበላል?»

«ከነክፍተቱ ስድስት ሳንቲ ሜትር፣ እትዬ።»

«በሉ ካርቶን አምጡ።»

ምራታቸው ካርቶን አመጣች። አጣጥፈው ስድስት ሳንቲ ሜትር አወፈሩትና በሩ ሲከፈት በሚያርፍበት ቦታ ግድግዳው ላይ ለጠፉት። አናጢዋ በበሩ እጀታ ፈንታ የመዶሻዋን እጀታ ካርቶኑ ላይ ደግፋ ያዘች። አሮጊቷ ተነሡ፤ መደገፊያቸውን እየገፉ በኮሪደሩ ተራመዱ። ሰፊ ነው። መሃል ላይ ሲደርሱ ግን ክርናቸው ተመታ።

«የመታኝ እጀታው ነው እንጂ በሩ አይደለም» አሉ።

«እንግዲያው እጀታውን ከእንጨቱ ውስጥ ፈልፍዬ እቀብረዋለሁ።»

«ክፍተቱንስ? ኮት ሲቆለፍ አንዱ ፊት በሌላው ላይ ይደረብ የለ? በሩን ከመግቢያው አስፊው።»

አናጢዋ ሳቀች። «አምስት አምስት ሳንቲ ሜትር በየጎኑ፤ ሥራው እንደዚያ ነው። ዳሩ ላይም ጎማ እለጥፍበታለሁ። የውስጡን ድምፅ ግን ትንሽ ወደ ውጭ ያሳልፋል፤ አልዋሽዎትም።»

«እኔ ስገባ ሬዲዮ ክፈቱ» አሉ እትዬ ልኬት። ልጃቸው ሳቁን መያዝ አቃተው፤ የጀመረውን ክርክርም ተወው።

በሳምንቱ ሥራው ተጀመረ። አናጢዋ ከበሩ በላይ ካለው ኮንክሪት ጋር ወፍራም ጣውላ በረጅም ብሎን አሰረች፤ ሐዲዱን በጣውላው ላይ ገጠመች። በሩ ሲከፈት የሚሸፍነውን የመብራት ማብሪያ ኤሌክትሪሺያን ወደ ፊት ለፊቱ ግድግዳ አዛወረው። ውሃ ልኩን ሐዲዱ ላይ ደጋግማ አስቀመጠች፤ ትንሽ ካዘነበለ በሩ በራሱ እየተንሸራተተ ይከፈታልና። በሁለቱ ጫፎች በሩ ከሐዲዱ እንዳይወጣ ማቆሚያ አደረገች፤ ከታችም እንዳይወዛወዝ መያዣ ተከለች።

እትዬ ልኬት መጡ። ልጃቸው ሊያግዛቸው እጁን ሲዘረጋ በዓይናቸው መለሱት። በሩን በሁለት ጣት ገፋ አደረጉት፤ ያለ ድምፅ ሄደ። ገቡ፣ ዘጉት፣ ከውስጥ ቆለፉት። ውጭ የቀሩት ሦስቱም ጆሯቸውን ወደ በሩ አስጠግተው ቆሙ።

«ምን ቆማችሁ ትሰሙኛላችሁ? ሂዱ!» አሉ ከውስጥ።

ወሬው በሕንፃው ውስጥ ተሰማ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ አባቷን በተሽከርካሪ ወንበር የምታስታምም ጎረቤት አንድ ቀን ጠዋት መጥታ በሩን እየገፋች እየመለሰች አየችውና «እኛም ቤት ይሆናል?» ስትል ጠየቀች።

«ሳላየው አልልሽም» አሉ እትዬ ልኬት። «ተሽከርካሪ ወንበር ከእኔ መደገፊያ ይሰፋል። ነጠላዬን አቀብሉኝ።»

ከሆስፒታል ወጥተው እዚያ ከገቡ ጀምሮ ሐኪም ቤት ለመሄድ ካልሆነ ከዚያ ቤት ወጥተው አያውቁም ነበር። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከጎረቤታቸው ጋር ወደ አሳንሰሩ አመሩ።