አምስት ደቂቃ ለዲክሲስ ስንዴ

ዳይሬክተራችን ለማንም ከአምስት ደቂቃ በላይ ጆሮ የላቸውም። እኔ ደግሞ አሰላ የግብርና መሥሪያ ቤት ተቀምጬ፣ የሰው ሪፖርት ለእሳቸው ሳሳጥር ዓመታት አስቆጥሬያለሁ። ሰልችቶኛል።

ያን ሰሞን ዲክሲስ ወረዳ ስንዴው ላይ ቢጫ ዋግ የሚባለው በሽታ ገባና የወረዳው ባለሙያ አሥራ ሁለት ገጽ ላከልኝ። ሁለት ቀን ታግዬ አንድ ገጽ አደረግሁት። መግቢያ፣ ዓላማ፣ የተከናወኑ ተግባራት፣ ያጋጠሙ ችግሮች፤ የምንፈልገው ውሳኔ እንደ ደንቡ መጨረሻ ላይ። ዳይሬክተሩ ቢሮዬ መጡ። ልጆች ደህና፣ ቤተሰብ ደህና ስንባባል ሁለት ደቂቃ ሄደ። ማንበብ ጀምረው ዓላማው ላይ ሲደርሱ ስልካቸው ጮኸ።

"ጥሩ ሠርታችኋል፤ በርቱ!" ብለውኝ ወጡ። ወዲያው መኪናቸው ከግቢ ሲወጣ በመስኮት አየሁት።

በማግስቱ ተናድጄ ግማሽ ወረቀት ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "የዲክሲስን ስንዴ ዋግ እየጨረሰው ነው። መድኃኒቱ እኛ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። ዛሬውኑ እንዲወጣ ይፍቀዱልን።" ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው። ቆመው አነበቡና ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ፈረሙ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

"ይሄን ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?" አሉኝ።

የወረዳው ባለሙያ ከሳምንት በፊት ደውሎ የነገረኝ እነዚህኑ ሦስት ነገሮች ነበር። "እንዲህ በስልክ አይሆንም፤ በሪፖርት መልክ አዘጋጅተህ ላክልኝ" ያልኩት እኔ ነኝ።