ሂስ እና ሂስታሚን

በደብረ ታቦር የጤና ረዳት ሆኜ በሠራሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። ክሊኒካችን ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የተያያዘች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረች። ማክሰኞ ማክሰኞ የቀበሌውን ሴቶች ሰብስቤ ስለ ንጽሕና አስተምራለሁ። ትምህርቴ ሲጨመቅ አንድ ቃል ነው፤ አፍሉት። ውሃውንም፣ ወተቱንም፣ ያደረውን ወጥም አፍሉት። "እሳት የማይገድለው ነገር የለም" እያልኩ ጣቴን ማወዛወዝ እወድ ነበር።

በዚያን ጊዜ፣ በዓመቱ አጋማሽ የትምህርት እረፍት፣ ከየወረዳው የመጡ አርባ ያህል ሰዎች በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የፖለቲካ ትምህርት ሊወስዱ ተሰበሰቡ። አዳራሹ ውስጥ የሃይማኖት ልዩነት የለም ተብሎ ታውጇል። ወጥ ቤቱ ግን አልሰማም። ክርስቲያኖቹ ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፤ ከይፋግና ከከተማው የመጡት እስላም ነጋዴዎች ደግሞ ክርስቲያን ያረደውን አይቀምሱም። ስብሰባውን የሚመራው ካድሬ ሁሉም ከአንድ ትሪ ካልበላ አንድነቱ ምኑ ላይ ነው ብሎ ተጨነቀ። በመጨረሻ ከአንድ መጋዘን ከወዳጅ አገር የመጣ የባሕር ዓሣ በትልልቅ ቆርቆሮ አገኘ። ዓሣ አይታረድ፤ የክርስቲያን ወይም የእስላም አይባል። ጾም ላይ ዓሣ አይበላም ያሉ ጥቂት ሽማግሌዎች ሽሮ ተሠራላቸው እንጂ የቀረው ሰው ረቡዕ ዕለት እጁን አንድ ላይ ሰደደ። ካድሬው ደስታው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

ወጥ ሠሪዋ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ባልቴት ነበሩ። እትዬ እላቸዋለሁ። ታናሽ ወንድማቸው ጫካ ገብቷል ይባላል፤ ስለዚህ ከሰው ፊት ድምፃቸው አይሰማም። ሐሙስ ጠዋት ወደ ክሊኒኩ መጥተው በር ላይ ቆሙ።

"ልጄ፣ ከትናንት የተከፈተው ዓሣ ግማሹ ተርፏል። ሽታ የለውም። ለነገ ይሆን ይሆን?"

መዝገብ እየሞላሁ ነበር። ቀና እንኳ ሳልል፣ "ደህና አድርገው ያፍሉት እንጂ ምን ይሆናል እትዬ" አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ዓሣው በተከፈተበት ቆርቆሮ ውስጥ ነጠላ ለብሶ፣ ቀኑን ሙሉ ከማይጠፋው ምድጃ አጠገብ ሁለት ቀን ከረመ። የደብረ ታቦር ብርድ የታወቀ ነው፤ ያ ወጥ ቤት ግን እንደ ቆላ ይሞቅ ነበር። ዓርብ ዕለት በሽንኩርትና በበርበሬ ቁሌት ጨመሩትና ከወትሮው እጥፍ አንተከተኩት። ምክሬን ከነትርፉ ነው የፈጸሙት።

ምሳ ተበልቶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ክሊኒኬ በሰው ተጥለቀለቀ። ፊታቸው ከነአንገታቸው ቀልቷል፤ ራሴን ያመኛል፣ ልቤ ይመታል ይላሉ። አንዳንዱ ሆዱን ይዞ ያስመልሳል፤ አንዳንዱ ደረቱ ላይ ሽፍታ ወጥቶበት ያካል። አንዱ ነጋዴ፣ "ገና ስጎርሰው ምላሴን ለብለብ አደረገኝ፣ በርበሬው መስሎኝ" አለኝ። አሥራ ሰባት ቆጠርኩ። ሽሮ ከበሉት ሽማግሌዎች አንድም የለበትም። ዓሣ ያልተስማማው ሰው ከዚህ በፊት አይቻለሁ፤ ግን አሥራ ሰባት ሰው በአንድ ምሳ ዓሣ አልስማማ ሊለው አይችልም። ፈራሁ። ከሆስፒታሉ ዶክተሩን አስጠራሁ።

ዶክተሩ አዛውንት ነበሩ። የሁለት ሦስቱን ደም ግፊትና ትንፋሽ አዩ፣ ምን እንደተበላ ጠየቁ፣ ከዚያ ለሚያሳክከው ሰው የምንሰጠውን ክኒን እንዳድል አዘዙኝ። ከሰዓት በኋላ ከአንዱ በቀር ሁሉም ቀለል አላቸው፤ እሱም መርፌ ተወግቶ ተነሣ።

"የዓሣው ነገር ነው" አሉኝ። "እንዲህ ያለው የባሕር ዓሣ ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ተዋሲያን ሥጋውን እየበሉ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይሠሩበታል። ቆርቆሮው እንደታሸገ ቢሆን ኖሮ ደህና ነበር፤ ከተከፈተ በኋላ ግን ተዋሲያኑ ከእጅም ከጭልፋም ይገቡበታል። ሽታ ላይኖረው ይችላል። ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ነበረበት።"

"ዶክተር፣ ግን እኮ በደንብ ፈልቷል።"

"እሳቱ ተዋሲያኑን ይገድላል። የሠሩትን ግን አያጠፋም። ቢፈላም፣ ቢጠበስም ያው ነው።"

የራሴ ድምፅ፣ "ያፍሉት እንጂ" ሲል ሰማሁት።

ካድሬው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሯል። "ሂስ ነው ያሉት? የማን ሂስ ነው?" አለ ቆጣ ብሎ። በዚያ ዘመን ስብሰባ ሁሉ በሂስና ግለሂስ ነበር የሚዘጋው፤ ቃሉ ጆሮው ላይ አድሯል። ዶክተሩ በትዕግሥት አስረዱት። እሱ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚታየው፤ "ረቡዕ ያው ዓሣ ማንንም አላሳመመም። ዛሬ አሳመመ። በመካከሉ አንድ እጅ ገብቷል። ይህ አሻጥር ነው።" አሻጥር የሚባል ቃል ከተነገረ በኋላ ሰው ቤቱ የማይመለስበት ጊዜ ነበር። ይህን ብሎ ወደ ወጥ ቤቱ አመራ፤ እኔም ተከተልኩት።

እትዬ ምድጃው ሥር ቆመዋል። ጠብመንጃ የያዙ ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች በሩን ይዘዋል። ካድሬው መርዙን ማን እንደሰጣቸው ጠየቀ፤ የወንድማቸውንም ነገር አነሣ።

"ጓድ ጌታው፣ መርዝ የለበትም" አሉ። "የተረፈው እዚያው ድስቱ ውስጥ ነው። ሌላ እሳት ላሳየውና እፊትዎ ልብላው። ከታመምኩ የፈለጉትን ያድርጉኝ።"

"ይሁን" አለ ካድሬው፣ ፍርድ ያገኘ መስሎት።

ድስቱን አንሥተው ጉልቻው ላይ ጣዱት። እኔን አላዩኝም። ማንን እንደጠየቁ፣ ማን እንዳፈቀደላቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ጥግ ይዤ ዝም ማለት እችል ነበር። ወጡ መንተክተክ ሲጀምር ግን አልቻልኩም። ሄጄ ክዳኑን ያዝኩ።

"እትዬ፣ ጨው የበዛበት ወጥ ቢያፈሉት ጨውነቱ ይለቃል?"

ግራ ተጋብተው አዩኝ። "ምን ይለቃል፤ ይብስበታል እንጂ።"

"ይኸም እንዲያ ነው። ቀኑን ሙሉ ቢፈላ ያሳምምዎታል።" ከዚያ ወደ ካድሬው ዞርኩ። "ጓድ፣ ሐሙስ ዕለት መጥተው ጠይቀውኛል። አፍልተው ያቅርቡት ያልኳቸው እኔ ነኝ። ቆርቆሮው የት እንደተቀመጠ እንኳ አልጠየቅሁም። አጥፊ ከተፈለገ እኔ ነኝ።"

"እውነት ነው?" አላቸው።

"አልጠየቅሁትም" አሉ እትዬ፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ። "ልጅ ነው፣ አዝኖልኝ ነው።"

ደግሜ ተናገርኩ፤ ጠዋት መሆኑን፣ በሩ ላይ መቆማቸውን፣ ያሉኝን ቃል በቃል። ደግነቱ ዶክተሩ ደረሱና በሆስፒታሉ ስም እጽፋለሁ፣ መርዝ የሰጠ ሰው የለም አሉ። ካድሬው ብዙ አሰበ። በመጨረሻ ጥበቃዎቹን አሰናበተ፤ እኔን ግን ማታ በስብሰባው ፊት ግለሂስ እንዳደርግ ፈረደብኝ። አደረግሁ። ሽፍታው ገና ካልጠፋላቸው ሰዎች ፊት ቆሜ፣ እሳት ሁሉን ይገድላል ያልኩት ስሕተት እንደሆነ ተናገርኩ። ከዚያ በኋላ ማንም አልያዘኝም።

ዓሣውን ከእትዬ ጋር ከወጥ ቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። አፈር እየመለስኩ ለምን እንደካዱልኝ ጠየቅኋቸው።

"እኔን ቢወስዱኝ ወጥ የሚሠራ አይጠፋም" አሉ። "አንተን ቢወስዱህ የአገሩን ልጅ ማን ያክማል?"

ሰው እንዲህ አምኖኝ ሐሙስ ዕለት ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም ነበር። አፈርኩ፤ አካፋውን ይዤ አለቀስኩ።